ከዘፈኑ በፊት የጀመረ ዳገት

ልጇ ከሞተ ሦስት ዓመት ቢያልፍም አክስቴ ጥቁሯን አልቀየረችም። ልጇ ዘፋኝ ነበር። አንድ ዘፈኑ አገር ምድሩን ካዳረሰ ከአራት ዓመት በኋላ መኪና ተገልብጦ ሞተ።

የምሠራበት የስታቲስቲክስ ቢሮ የሃምሳ ዓመት የሕፃናት ስሞችን በዐውደ ርእይ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ኃላፊዬ አንዱን ግራፍ «ስሙን ለትውልድ የሰጠ ዘፋኝ» ብሎታል። ዘፈኑ በወጣበት ዓመት በስሙ የተጠሩ ሕፃናት እጥፍ ሆነዋልና። አክስቴም በመክፈቻው ላይ እንድትናገር ተጋበዘች። ግራፉን መፈተሽ የእኔ ድርሻ ነበር።

ፈተሽኩት። በዚያው ዓመት ሆስፒታሎች ልደትን በቀጥታ መመዝገብ ስለጀመሩ የሁሉም ስም ቁጥር ዘልሏል። ቁጥሩን ትቼ ከሺህ ወንድ ሕፃናት ስንቱ በዚህ ስም እንደተጠሩ አሰላሁ። ዝላዩ ጠፍቶ የተዘረጋ ዳገት ሆነ፤ ዳገቱም የጀመረው ከዘፈኑ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው። የመጨረሻ ድምፃቸው ከእሱ ስም ጋር የሚመሳሰል አራት ስሞችን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ዘፋኝ የላቸውም፤ ግን አብረውት ወጥተው አብረውት ወርደዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ የእናት እንባ ለሺህ ታካፍላለህ?» አለኝ ኃላፊዬ። «እንግዲያው አንተው ንገራት።»

በማግሥቱ አክስቴ ቢሮዬ መጣች።

«ኃላፊህ ስልኬን አያነሳም። ምነው፣ ንግግሬን ሳይሰማ ፈራኝ?»

«እትዬ፣ ተቀመጪ።» ግራፉን አሳየኋት። «ወላጅ አዲስ ስም ይፈልጋል፤ እንግዳ ስም ግን ይፈራል። ጆሮው የለመደውን ድምፅ ትንሽ ለወጥ አድርጎ ይይዛል። በአንድ ክፍል አምስት ልጆች በአንድ ስም ሲጠሩ ደግሞ ይሸሻል። ቶሎ የወጣ ስም ቶሎ ይወርዳል።»

«እሱ ስለሞተ ነው የወረደው?»

«አይደለም። ከሞቱ በፊት መውረድ ጀምሮ ነበር።»

«ቁርጡን ንገረኝ። በልጄ ምክንያት የተጠሩት ስንት ናቸው?»

«ከዘፈኑ በኋላ ባለው ዓመት ስሙ ከነዚህ አራት ስሞች ትንሽ ከፍ ብሏል። ልዩነቱ ከሺህ ግማሽ ሕፃን አይሞላም። እሱም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ወላጅ ለምን እንደመረጠ መዝገቡ አይናገርም።»

እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እንዲህ አለች፦

«ጎረቤታችን ልጇን በስሙ እየጠራች ስትቆጣው ቆሜ እሰማታለሁ። ቁጣዋን እስክትጨርስ አልሄድም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉኝ፣ ይኸው ብዬ ነበር።»

«አሁንም ቆመሽ ብትሰሚ ግራፉ አይከለክልሽም» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ።

«ግማሽ አልክ?»

«ትንሽ ያንሳል።»

«ያንኑ ጻፍ። ለግማሽ ልጅ ግን ንግግር አላደርግም።»

በሩን ራሷ ዘጋችው።

በመክፈቻው ቀን አምስቱ መስመሮች ግድግዳው ላይ አብረው ወጥተው አብረው ሲወርዱ፣ ጎብኚዎች አንድ ጊዜ እያዩ አለፉ። ለአክስቴ በተያዘው ወንበር ላይ ኃላፊዬ ኮቱን አስቀመጠ።