የጎደለችው «ላ»

የከተማው ባቡር ቃሊቲ ድረስ መመላለስ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ነው። የሳሪስ አቦዋ ዲንቄ ታናሽ ወንድሟ ታስሮባት ነበር። ጉተማ ይባላል፣ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነበር። መጋዘኑ ሲዘረፍ እሱ ተረኛ አልነበረም፤ ቢሆንም ዕቃ አውጥተሃል ተብሎ አራት ዓመት ተፈረደበት። ዲንቄ የወንድሟን ውክልና ይዛ ይግባኝ ልትል ተነሣች። የይግባኙ ማስገቢያ ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት አርብ ነበር።

ዲንቄ ፊደል አልቆጠረችም። ሰው የነገራትን ግን ቃል በቃል ትይዛለች። ሰኞ ዕለት የፍርዱን ግልባጭ ይዛ፣ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ከተደረደሩት ሱቆች በአንዱ አቤቱታ የምትጽፈውን አቻምየለሽን አገኘች። አቻምየለሽ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ስታዳምጥ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ የማትነቅል ሴት ናት። ዲንቄ ነገሩን ከሥር ጀምራ ነገረቻት፣ እሷም ጻፈችው። መሀል ላይ አንድ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ገብቶ አቻምየለሽ ጆሮ ድረስ ጎንበስ ብሎ ሹክ አላትና ወጣ። ዲንቄ ሰውየውን አላወቀችውም፣ ግን ልብ አለችው።

ጽሑፉ ሲያልቅ አቻምየለሽ ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብላ አነበበችላት። «ይግባኝ ባይ ያላወጣውን ዕቃ አውጥቷል ተብሎ…» የሚለው ጋ ስትደርስ ዲንቄ ራሷን ነቀነቀች፣ ይህቺ ቃል ናት ወንድሟን የምታስፈታው። ወረቀቱን አጥፋ በነጠላዋ ጠርዝ ቋጠረችና በባቡር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አቶ ታደሰ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ጣታቸውን ከመሥመሩ ሳያነሡ ነው የሚያነቡት። አንድ ጊዜ ደግማ ልትሰማው ፈልጋ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

«ይግባኝ ባይ ያወጣውን ዕቃ አውጥቷል ተብሎ…» አሉ አቶ ታደሰ።

ዲንቄ አስቆመቻቸው። እንደገና አነበቡ። ያው ነው። ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው አንድ በአንድ ቆጠሩላት፦ ያ፣ ወ፣ ጣ፣ ው፣ ን። «ላ» የለችም።

ዲንቄ ነገሩን በልቧ አሰላችው። ሴትየዋ በአፏ ያነበበችው ሌላ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ። ማንበብ እንደማልችል አይታ ነው ያታለለችኝ አለች በልቧ። ጃኬት የለበሰው ሰው ትዝ አላት። የመጋዘኑ ባለቤት ዘመዶች በመዝገቡ ውስጥ ስማቸው እንዳይነሣ ምን ያህል እንደደከሙ ታውቃለች፤ ሰውየውን የላኩት እነሱ ይሆናሉ። አቶ ታደሰ ስሕተት ሊሆን ይችላል ሊሏት ሞከሩ፣ አልሰማቻቸውም። ቃሏ ያለችበትን ቦታ በጥፍራቸው እንዲጫኑላት ብቻ ለመነቻቸው፤ ጣቷ ዳብሶ እንዲያገኘው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ቃሊቲ ወረዱ። ዲንቄ አቶ ታደሰን ከሱቁ ደጅ አቁማ ብቻዋን ገባች። ምንም ሳትል ወረቀቱን ዘረጋችና አንድ ጊዜ እንድታነብላት ጠየቀች።

አቻምየለሽ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። ዲንቄ የምታየው ዓይኗን ነበር። ድምፅዋ እዚያች ቦታ ሲደርስ አልተሰናከለም፣ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። «ያላወጣውን ዕቃ» ብላ አለፈች።

ዲንቄ እጇን ሰዳ በጥፍር የተጫነውን ቦታ ነካች። «እዚህ ምን ይላል?»

አቻምየለሽ ጎንበስ አለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ነው የላከሽ?» አለች ዲንቄ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አቻምየለሽ ማንም እንዳልላካት ነገረቻት። ራሷ የጻፈችውን ራሷ ስታነብ ዓይኗ ወረቀቱን ትቶ ልቧ ውስጥ ያለውን እንደሚያነብ፣ መሆን ያለበትን ቃል ስለምታውቀው ያለ እንደሚመስላት አስረዳች። ለዲንቄ ይህ የሌባ ምክንያት መሰላት። ሁለት ጊዜ፣ ወረቀቱ ፊቷ ተዘርግቶ፣ የሌለ ፊደል ይነበባል? የሰኞው ባለ ጃኬት ማን እንደነበረ ጠየቀቻት። የሌላ እስረኛ ወንድም እንደሆነ፣ ጉዳዩን ሰው እንዲሰማበት ስላልፈለገ እንዳንሾካሾከ መለሰችላት። ዲንቄ ይህንንም አላመነችም። ግን አርብ ቀርቧል፣ የተጻፈውም ያለው በዚህች ሴት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አቶ ታደሰን ጠርታ አስገባቻቸውና እሷም ወንበር ስባ ከማሳያው አጠገብ ተቀመጠች። ሥራው እስኪያልቅ ከዚህ አልነሣም አለች።

አቻምየለሽ መጀመሪያ የፊደሉን መልክ ለወጠች። ቀጭኑን ፎንት ትታ በወፍራም፣ በትልቅ አደረገችው፣ የመሥመሮቹንም ርቀት አሰፋች። መልኩ ሲለወጥ ሌላ ሰው የጻፈው ስለሚመስላት ዓይኗ እንደማይዘናጋ ለአቶ ታደሰ ነገረቻቸው። መሥመሮቹም ቦታቸውን ቀየሩ። ቀድሞ አንዱ በመሥመር መጨረሻ፣ ሌላው በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ የነበሩ ሁለት «በዕለቱ» አሁን ጎን ለጎን ተገጠገጡ። አንዱን አጠፋችው።

ቀጥሎ በትልቁ አትማ፣ ከመጨረሻው ቃል ጀምራ ወደ ላይ፣ አንድ አንድ ቃል በእርሳስ እየነካች አነበበች። ለዲንቄ የጠንቋይ ድግምት መስሎ ተሰማት። ከሃያ ቃል በኋላ ግን እርሳሱ ቆመ፤ «ምስክሮቹ» የሚለው «ምክስሮቹ» ተብሎ ተጽፏል። አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና እሳቸውም ትናንት ሳያስተውሉት እንዳለፉ አመኑ። ዲንቄ ፊታቸውን አየች። እኚህን ሰው ማንም አልላካቸውም።

«ይህ ግን የእርስዎን ቃል አያገኝልኝም ነበር» አለች አቻምየለሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዲንቄ ቀና ብላ። «ያወጣው የሚለው ብቻውን ሲታይ ደኅና ቃል ነው። የሚያዝ ነገር የለውም። እሱን የሚይዘው ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብና የሚያውቀው ሰው ሲሰማ ነው። ሰኞ ዕለት እኔው ማንበብ አልነበረብኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ።»

ስለዚህ «ላ»ን ወደ ቦታዋ መልሳ እንደገና አተመችና ወረቀቱን ለአቶ ታደሰ ሰጠች፤ እሷ የፍርዱን ግልባጭ ያዘች። እሳቸው ሲያነቡ ዲንቄ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ያላወጣውን» ሲሉ ከንፈሯ ከእሳቸው ቀድሞ አለው። የመዝገቡ ቁጥር ጋ ሲደርሱ አቻምየለሽ አኃዙን አንድ በአንድ እንዲጠሩላት ለመነቻቸው። አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስምንት… አስቆመቻቸው። በግልባጩ ላይ ስምንት ከሦስት ይቀድማል። ድምፅም፣ ፎንትም፣ ወደ ኋላ ማንበብም ያላሳዩት ነው፤ ከዋናው ጋር ሲመሳከር ብቻ ታየ።

አርመው ጨረሱና ዲንቄ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ከሱቁ ስትወጣ አቻምየለሽን አላመሰገነቻትም። መንገዱ ማዶ ድረስ ሄዳ ዞር ብላ አየቻት፤ ከውስጥ ጃኬት የለበሰ ሰው ይወጣል ብላ ይሆናል። ማንም አልወጣም። ባቡር ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ስታገላብጠው ቆየች። የላኳት ሰዎች ቢኖሩ፣ ማንም ያላየውን የመዝገብ ቁጥር ለምን ታርም ነበር? እንደተሳሳተ ቢገባ ይበቃቸው ነበር። ይህቺን ሐሳብ ወደ ውጭ ለመግፋት ሞከረች፣ እምቢ አለቻት።

ይግባኙ ሐሙስ ገባ። ከሁለት ወር በኋላ ችሎቱ «ያስቀርባል» አለ፤ ዐቃቤ ሕግ ቀርቦ መልስ ይስጥ ማለት ነው። ዲንቄ እሑድ ለጥየቃ ሄዳ ይህን ለጉተማ ነገረችው። ጉተማ በመሀላቸው ያለውን ሽቦ በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ማን እንደጻፈላት ጠየቃት።

«አንዲት ሴት ናት» አለች ዲንቄ። ነጠላዋን አስተካክላም፣ «ደኅና ሴት ናት» አለች።