ከመጀመሪያው ጀምሮ አጥፋ

ጎግልን «እርስዎ» እያልኩ ነው የምጠይቀው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሁሉንም ያውቃል ይባላል። ብዙ የሚያውቅን ሰው ደግሞ አንተ ማለት ነውር ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬም ፊደል አልገድፍም፤ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ እንኳ አራት ነጥብ ሳላስቀምጥ አልጫንም።

ለይኩን እባላለሁ። ሥራዬ ኮብልስቶን ማንጠፍ ነው። ከየካ ሚካኤል ወረድ ብሎ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሁለት ወር ሙሉ ስመላለስ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ክፍት የሥራ ቦታ ለማየት ነው» እል ነበር። ውሸት ነው። ሥራ አለኝ። የምሄደው እየሩስ እዚያ ስለምትሠራ ነው። እየሩስ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ለሰው ፎርም ትሞላለች፣ ኢሜይል ትከፍታለች። ለእኔ ደግሞ «አራት ቁጥር ላይ ተቀመጥ» ትለኛለች። በሁለት ወር ውስጥ ከመለስኩላት ሁሉ ረጅሙ «እሺ» የሚለው ነው።

አራት ቁጥር ከእሷ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ነው። እዚያ ተቀምጬ፣ እሷ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና፣ ስለ እሷ ጎግልን እጠይቃለሁ። «ዓይናፋርነት እንዴት እንደሚጠፋ ቢነግሩኝ።» «ሴት ልጅን ሻይ ለመጋበዝ በምን ይጀመራል?» አንድ ቀን ደግሞ ድፍረቱ መጣልኝና «በኢንተርኔት ቤት የምትሠራን ልጅ ለማናገር ምን ይመክሩኛል?» ብዬ ጻፍኩ። ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ የጻፍኩት አብሮኝ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

እንደማይወጣ ያወቅሁት ማክሰኞ ነው። ነአምን የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አራት ቁጥር ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል። እኔ ከኋላው ወረፋ እጠብቃለሁ። ስለ ዓይን አሠራር ሊፈልግ «ዓይ» ብሎ ሲጀምር፣ ከሥሩ የእኔ ዓረፍተ ነገር ዝርግፍ አለ።

«ኧረ ጉድ!» አለና ጮክ ብሎ አነበበው። «‹ዓይናፋርነት እንዴት እንደሚጠፋ ቢነግሩኝ›! አራት ነጥብ አለው እኮ! ጎግልን አንቱ ያለው ማነው?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ እንባው ግን የሳቅ አልነበረም። እየሩስ ብቻ ቀና ሳትል ወረቀት ታስተካክል ነበር።

«ሰውዬው ሂስትሪውን ሳያጠፋ ሄዶ ነው» አለ ነአምን።

«ለመሆኑ» አልኩ፣ ለሌላ ሰው የምጠይቅ መስዬ፣ «እሱ ነገር እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«ቀላል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ዲሊት፣ ሦስቱን በአንዴ። የሚመጣልህ ሳጥን ላይ ራይት አድርገህ አጥፋ ማለት ነው። ምነው፣ አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ? እኔ ሥራ ነው የምፈልገው።»

በማግስቱ በሩ እንደተከፈተ ደረስኩ። «አራት ቁጥር ላይ ተቀመጥ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ሦስቱን ቁልፎች ተጫንኩ። መስኮት መጣ። ያለፈውን አንድ ሰዓት ብቻ ላጥፋ ወይ ይላል። የእኔ ኃጢአት የሁለት ወር ነውና ከምርጫዎቹ «ከመጀመሪያው ጀምሮ» የሚለውን መረጥኩ። ከሥሩ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል፦ የተጎበኙ ገጾች፣ ኩኪዎች፣ ሌላም ሌላም። ሌላ ዝርዝርም አለው። እሱንም ከፈትኩት። የተቀመጡ የይለፍ ቃላት የሚል አገኘሁ። እኔ ምንም ያስቀመጥኩት የይለፍ ቃል የለኝም፤ ቢሆንም ለጥንቃቄ ራይት አደረግሁበት። ድንጋይ ሳነጥፍም እንደዚሁ ነኝ፤ አንድ ጥግ ከጎበጠ ሁሉንም አፍርሼ ነው እንደገና የምጀምረው።

«አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩ። ጠፋ። «ዓይ» ብዬ ጽፌ ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣም። ከሁለት ወር ወዲህ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

የቀለለኝ ለሩብ ሰዓት ነው። እትዬ አገርነሽ ገቡ። እንጦጦ ላይ ድንች አምርተው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እየሩስዬ፣ ደብዳቤዬን አውጪልኝ። ለልብስ ስፌቱ ሥልጠና አልፈሻል ብለው በኢሜይል ልከውልኛል። እስከ ስድስት ሰዓት የታተመውን ይዤ መሪ ሰፈር ካለው ማሠልጠኛ ካልቀረብኩ ቦታዬን ለተጠባባቂ ይሰጡታል» አሉ።

«ይቀመጡ እትዬ፣ አንድ ደቂቃ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ፣ «ለይኩን፣ አንዴ ልቀቅልኝ» አለች። ስሜን በማወቋ ያን ጊዜ መደሰት ይገባኝ ነበር።

እየሩስ የእትዬ አገርነሽን ኢሜይል ጻፈች፤ ዘወትር ራሱ የሚሞላው የይለፍ ቃሉ ቦታ ግን ባዶ ሆነ። ደግማ ሞከረች። የቤቱን ኢሜይል ከፈተች፤ ሰዎች የሚያሳትሙትን ፋይል የሚልኩበት ነው፣ ዘወትር ክፍት ነው። እሱም «ይግቡ» አላት።

«ምን ጉድ ነው?» አለች። «ሱፊያን ያስቀመጠው የይለፍ ቃል ሁሉ ትናንት እዚህ ነበር።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከእሷ በፊት እዚያ ይሠራ የነበረው ሱፊያን፣ ኢሜይል ላላቸው የሰፈር ሰዎች የይለፍ ቃሉን ራሱ ፈጥሮ፣ እንዳይረሱት ብሎ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦላቸው ነበር። ሰዎቹ አያውቁትም፤ ኮምፒውተሩ ነበር የሚያውቀው። ኮምፒውተሩን ደግሞ እኔ አስረሳሁት።

እየሩስ ሱፊያን ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። እትዬ አገርነሽ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ሦስት ተኩል ሆኗል።

«ቫይረስ ይሆናል?» አለች እየሩስ።

ቫይረስ ነው ብል ማንም አይጠረጥረኝም። አፌን ከፈትኩ። «ቫ» የምትለዋ ፊደል ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር። እትዬ አገርነሽ ግን ነጠላቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ «አንድ ዓመት ነው የተጠባበቅሁት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?» አለች እየሩስ።

«ያጠፋሁት። ሁሉንም። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ለምን?»

ጆሮዬ ጋለ። ደግነቱ እሷ መልስ አልጠበቀችም፤ «የይለፍ ቃል ረስቻለሁ» የሚለውን ተጭና ነበር። ኮምፒውተሩ መጨረሻው አርባ ሰባት ወደሆነ ስልክ ቁጥር ኮድ ልላክ ወይ አለ።

«የእኔ ነው! አርባ ሰባት የእኔ ነው!» አሉ እትዬ አገርነሽ።

«ስልክዎን ይዘዋል?»

«ባትሪው አልቆ ቤት ሰክቼው መጣሁ። ባለቤቴ አለ።»

እየሩስ ኮዱን አስላከችና በራሷ ስልክ ወደ እንጦጦ ደወለች። ድምፁን ከፍ ስላደረገችው ሁላችንም እንሰማለን። የእትዬ አገርነሽ ባል አቶ ሂርጳ አነሱ።

«አቶ ሂርጳ፣ አሁን መልእክት ገብቶልዎታል። ስድስት አኃዝ አለው። ያነቡልኛል?»

«አንቺ ማነሽ?»

«ከኢንተርኔት ቤት ነው።»

«ኮድ ለማንም አትስጡ ተብለናል። እንደናንተ ያሉ ሌቦች በስልክ ስንቱን አራቆቱ!» ብለው ዘጉት።

እትዬ አገርነሽ ስልኩን ነጥቀው መልሰው ደወሉ። «ሂርጳ! እኔ ነኝ!»

«አንቺ ማነሽ?»

«ሚስትህ!»

«ሚስትህ ነኝ ያለችኝ ሁሉ ሚስቴ ናት? ድምፅ የሚያስመስል ማሽን አለ አሉ።»

«አንተ ሰውዬ! እሑድ ለት ሽሮውን አሳርረህ ድስቱን ከአጥር ጀርባ የደበቅኸው አንተ አይደለህም?»

የአቶ ሂርጳ ድምፅ ዝቅ አለ። «ድስቱን አየሽው?»

«ኮዱን አንብብ! ጊዜው ያልፍበታል!»

አነበቡ። ስድስቱን አኃዝ እኔ እየደገምኩ፣ እየሩስ ጻፈች። ተከፈተ። አዲስ የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ እየሩስ ወንበሩን ለእትዬ አገርነሽ ለቀቀችና ዞር አለች። «እርስዎ ራስዎ ያውጡት። እኔም አልይ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጽፈው ቤትዎ ያስቀምጡት።» እትዬ አገርነሽ በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ። ኮምፒውተሩ ላስቀምጠው ወይ ሲል እየሩስ «በፍጹም» የሚለውን አሳየቻቸው። ደብዳቤው ታተመ። እየሩስ ኢሜይሉን ዘግታ «ውጣ» የሚለውን ተጫነች። እትዬ አገርነሽ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ታክሲ ለመያዝ ሲሮጡ ከበሩ ዞር አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ እግዜር ይይልህ፤ ስለተናገርክ ግን ይባርክህ» አሉኝ። የትኛውን «አሜን» እንደምል አላወቅሁም።

ሁለታችን ቀረን።

«ጥፋቱ የእኛም ነው» አለች እየሩስ። «እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሴትዮዋን ኢሜይል መክፈት ይችል ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ላጠፋው አስቤ ሰነፍኩ። አንተ ጨረስክልኝ። የቀሩትንም ሰዎች ኢሜይል እንዲሁ አንድ በአንድ እንከፍታለን።»

«እሺ» አልኩ።

«አሁን ለምን እንዳጠፋህ ልንገርህ?»

የቤቱን ኢሜይል በይለፍ ቃሏ ከፈተችና አንድ ገጽ አመጣች። በቀንና በሰዓት የተደረደረ ዝርዝር ነው። ሁሉም እዚያ አለ። ዓይናፋርነቱ፣ ሻዩ፣ በኢንተርኔት ቤት የምትሠራዋ ልጅ።

«ይሄማ ጠፍቷል!» አልኩ።

«ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ስትፈልግ ግን የቤቱ ኢሜይል ክፍት ነበር፤ ስለዚህ ጎግል በቤቱ ስም መዝግቦ እሱው ጋ ነው ያስቀመጠው። እዚህ ብታጠፋ እዚያ አይነካውም። ሦስት ሳምንት ሆኖኛል ሳነበው። እዚህ ከሚመጣው ሰው ሁሉ ማሽንን ‹ምን ይመክሩኛል› የሚል ማን እንዳለ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም።»

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉልኝ። ሊቀመጥ የሚገባውን ሁሉ አጥፍቻለሁ፤ ሊጠፋ የሚገባው አንዱም አልጠፋም፤ እንዳታይብኝ የፈራኋት እሷ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት አንብባዋለች።

«ለመሆኑ መለሰልህ?» አለች፣ የመጨረሻውን በጣቷ እያሳየች።

«ኢንተርኔት ቤት ለመክፈት ምን ያህል ካፒታል እንደሚያስፈልግ ነገረኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ማውሱን ሰጠችኝና እንዴት አንድ በአንድ ከዝርዝሩ እንደሚሰረዝ አሳየችኝ። ለሌላ ጊዜም፣ ሲዘጋ ታሪኩን የማያስቀር የግል መስኮት እንዳለ፣ እሱን ከፍቼ መሥራት እንዳለብኝ፣ ስጨርስም መዝጋት እንዳልረሳ ነገረችኝ። ዓይናፋርነቱን ሰረዝኩ። የኢንተርኔት ቤቷን ልጅ ሰረዝኩ። የሻዩ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እዚያው አጠገቤ ቆማለች። ሁለት ወር ማሽን ስጠይቅ የኖርኩትን ራሷን ልጠይቅ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ከሥራ በኋላ... ሻይ ቢጠጡ... ምን ይመክሩኛል?»

«እኔ ጎግል ነኝ እንዴ?» አለችና ማውሱን ወስዳ የሻዩን ራሷ ሰረዘችው። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። ‹አንቺ› ማለት እስከዚያ ተለማመድ።»

«እሺ» አልኳት።