አንድ ገጽ የገባው ሠንጠረዥ

ስምንተኛን ሳልጨርስ ብወጣም ቢሮው ውስጥ እንደኔ አሳምሮ ታይፕ የሚያደርግ የለም። በሦስት አገር መንገድ የሚሠራው ቡድናችን ለማን፣ ምን መረጃ፣ በየስንት ጊዜ፣ በምን እንደሚያደርስ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አለቃዬ በሁለት ገጽ ሰጡኝ፤ እኔ በአንድ ገጽ አስገባሁት። አልገባ ያለችኝን አንዲት መስመር ግን ሰረዝኳት፤ «የሠራተኛ ቤተሰብ፦ አደጋ ሲደርስ፣ ወዲያው፣ በስልክ» ትላለች፤ የየቤተሰቡ ስልክ ቁጥርም ከሥሯ ነበር። አለቃዬም ሳያስተውሉ ፈረሙ፤ ሠንጠረዡ ለሁሉም ተላከ።

በየሳምንቱ ዓርብ በኢሜይል የሚመጣውን ሪፖርት የማትመው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓርብ የወንድሜን ስም አየሁበት። ማዶ አገር ሾፌራችን ነበር። ማክሰኞ መኪናው ተገልብጦ፣ ሐሙስ ሆስፒታል ውስጥ አርፏል።

የሳይቱ ነርስ ጋ ደወልኩ።

«እህቱ ነኝ። ለአለቆች ስትደውሉ ለኔ መደወል አቃታችሁ?»

«የኔ እህት፣ ለአገሩ ኃላፊ በዚያው ቀን ደውያለሁ። የተላከልን ሠንጠረዥ እንደዚያ ይላል።»

«ሰው አይደላችሁም? ወረቀት ካላዘዛችሁ አትደውሉም?»

«ስልኩ ተሰባብሯል፤ ቁጥርሽንም በቃሉ አያውቀውም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስምሽን ሲጠራ ቁጥርሽን ሠንጠረዡ ላይ ፈለግኩ። ቤተሰብ የሚል መስመር እንኳ የለውም፤ የጻፈውን ሰው ጠይቂው።»