ያልተገዛው ስንዴ

የናዝሬቱ ዱቄት ፋብሪካ የሒሳብ ኃላፊ አሰለፈች ለቦርዱ የሚቀርበውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ስታሳያቸው የሥራ አስኪያጁ የጓድ ሰብስቤ ፊት ፈካ። ለስንዴ መግዣ ከተያዘው በጀት አርባ ሺህ ብር አልወጣም ነበር።

«ቆጠብን በይው» አሏት።

«ጓድ፣ እንዲያ ካልን በጀቱን ይቀንሱብናል። ስንዴውኮ ማመላለሻ ጠፍቶ ነው ያልገዛነው።»

«ታዲያ ወፍጮው ቆሟል ብዬ ልናገር?»

አሰለፈች ፈራ ተባ እያለች ጻፈች፦ «ልዩነቱ ቁጠባ አይደለም። መኪና ባለመገኘቱ ከአርሲ ነገሌ ስንዴ አልተገዛም፤ ወፍጮውም ቆሟል። ግዢው ሲፈጸም ገንዘቡ ያስፈልጋል።» ጓድ ሰብስቤ ብዙ አሰቡና ፈረሙ።

ቦርዱ ሲሰበሰብ ሰብሳቢው አንቀጹን ደግመው አነበቡት።

«ስንት መኪና ይበቃችኋል?»

«ሁለት» አሉ ጓድ ሰብስቤ፣ አብራቸው የቀረበችውን አሰለፈችን ቀድመው። በዚያው ሳምንት ሁለቱም መኪኖች ተፈቀዱ።