ከአርባ ሠላሳ ስምንት

የቋንቋ መምህሩ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የመጻፍ ችሎታን የፈተነው ድርሰት እያስጻፈ ነው። ዘንድሮ ግን አንድ አባት አቤት አሉ፤ እሱ ከሃያ አሥራ ሰባት የሰጠው የልጃቸው ድርሰት ለባልደረባው ሲሰጥ ዘጠኝ ሆኖ ተመለሰ።

"በአራሚው የሚለዋወጥ ውጤት አስተማማኝ አይደለም" አሉ ርእሰ መምህርቷ። "ከእንግዲህ ምርጫ ብቻ!"

"እባክዎ፣ ዝርዝር የማረሚያ መስፈርት አውጥተን እያንዳንዱን ድርሰት ለሁለት እንረም።"

"ለስድስት መቶ ልጅ? በየትኛው ጊዜ?"

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አርባ የምርጫ ጥያቄ አዘጋጀ፤ ማንም ቢያርመው ውጤቱ ንቅንቅ አይልም።

ከተፈተኑ በኋላ፣ ሠላሳ ስምንት አምጥታ አንደኛ የወጣችውን ተማሪ ጠርቶ ባዶ ወረቀት ሰጣት። "እስቲ ለታመመች ጓደኛሽ ሁለት መስመር ጻፊላት።"

ልጅቷ ጻፈች፣ ሰረዘች፤ እንደገና ጻፈች፣ ሰረዘች። በመጨረሻ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቀና አለች።

"ቲቸር፣ ምርጫ የለውም?"

ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። አራሚዎቹን አስማማሁ ሲል፣ ሊለካ የተነሳው ችሎታ ከፈተናው ወጥቶ ቀርቷል። ልጅቷን "አይዞሽ" ብሎ ሸኛት። ከዚያ ውጤት መሙያውን ከፍቶ፣ "የመጻፍ ችሎታ" በሚለው ሥር፣ ሌላ የሚጽፈው ቁጥር ስላልነበረው ሠላሳ ስምንት ሞላ።