ሁለቱ ትርፍ ማራገቢያዎች

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «መጠባበቂያ» ነው የሚሉኝ። አንድ ብሎን በሚበቃበት ቦታ ሁለት አስራለሁ፤ ጃንጥላ ይዤም ካፖርት እደርባለሁ። ይሳቁ፣ አይከፋኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እላቸዋለሁ፤ ከመስማት ብዛት አሁን አሁን እነሱም አብረውኝ ይሉታል።

ጠባዩ ከየት እንደመጣብኝ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ታላቅ እህቴ ትሠራበት በነበረ የጨርቅ መደብር እሳት ተነሣ። እሳቱ ከታች ነበር፣ እሷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። አንድ ፀጉሯ እንኳ አልተቃጠለም፤ ጭሱ ነው የገደላት። ያኔ አምስት ዓመቷ የነበረውን ልጇን ወስጄ አሳደግኋት። ቧንቧ መዘርጋቱን ትቼ ከሕንፃ ጭስ የማስወጣት ሙያ የተማርኩትም በዚያው ዓመት ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ ነርስ ናት። አዲሱ ሆስፒታል ሲከፈት የሕፃናት ክፍልን በኃላፊነት ትይዛለች። ክፍሉ ከላይኛው ፎቅ ነው፤ በሩን ከፍተው ሲወጡ ወደ ታች ሰፊውን የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ የሚያሳይ መተላለፊያ ላይ ይቆማሉ። አዳራሹ ከወለሉ እስከ ብርጭቆው ጣሪያ ድረስ ወለል ያለ ባዶ ነው። የዚያን አዳራሽ ጭስ ማስወጫ የነደፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ ለመናገር ቀላል ነው። እሳት ከወለሉ ሲነሣ ጭሱ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ እየወጣ ሲሄድ ከዙሪያው ንጹሕ አየር እየሳበ ይወፍራል። ጣሪያ ሥር የሚደርሰው ጭስ አብዛኛው አየር ነው፤ ስለዚህ ዓምዱ በትንሹ በረዘመ ቁጥር የጭሱ መጠን በብዙ ይጨምራል። መተላለፊያው ላይ የቆመ ሰው ጭስ እንዳይነካው፣ የጭሱ ሽፋን ከወለሉ አሥራ አምስት ሜትር በላይ መቆየት ነበረበት። አምስት ሜጋዋት የሚያህል እሳት ወስጄ ቀመሩን ሠራሁ፤ በሴኮንድ ወደ መቶ ሜትር ኩብ ጭስ ወጣልኝ። እያንዳንዳቸው ሃያ አምስት የሚስቡ አራት ማራገቢያዎች ማለት ነው። የሚወጣውን የሚተካ አየር ደግሞ ማንቂያው ሲጮህ ራሳቸው ከሚከፈቱ የታችኛው ወለል በሮች ይገባል። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከአንድ ሜትር ብዙም እንዳያልፍ ዘጠና ሜትር ካሬ በር አስቀመጥኩ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን የልጄ የሥራ ቦታ የት እንደሆነ ባወቅሁ ሳምንት ሁለት ማራገቢያ ጨመርኩ፤ ስድስቱም አንድ ላይ እንዲነሡ አደረግሁ። ቀመር አልሠራሁም። በሮቹንም አላሰፋሁም። «ለጥንቃቄ» ብዬ ስጽፍ ማንም አልተቃወመኝም፤ ጥንቃቄን ማን ይቃወማል?

ሙከራው እሑድ ጠዋት ሆነ። ከእሳት አደጋ መከላከል የመጣችው ተቆጣጣሪ ወጣት ናት፣ ቁጥብ፣ ፈገግታዋን በስፍር የምትሰጥ ዓይነት። ወለሉ መካከል ውኃ በተሞላ ገንዳ ላይ የአልኮል ትሪዎች ተንሳፈፉ፤ ከጎናቸው የማይጎዳ ጭስ የሚሠራው ማሽን ተተከለ። በየፎቁ ተመልካች ይቁም ተባለ። ልጄ ከሁሉ ቀድማ ለላይኛው እጇን አወጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ተይ ያልኳትን ነገር እሺ ብላ አትተውም።

አልኮሉ ተለኮሰ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ስድስቱም ማራገቢያዎች ተነሡ። መጀመሪያ ኮራሁ፤ ወለሉ ላይ የነበረ ወረቀት ሁሉ ወደ ውስጥ በረረ። ከዚያ ዓምዱን አየሁት። ቀጥ ብሎ አልወጣም። በበሮቹ የሚገባው ነፋስ ከሥሩ ገፋው፣ ጎበጠ፣ ሦስተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ተላትሞ ተበተነ። የተበተነው ጭስ ከንጹሑ አየር ጋር እየተቀላቀለ፣ ቀዝቅዞ፣ ሰነፍ ሆኖ ላይኛው መተላለፊያ ላይ ረበበ። ልጄ ነጭ ጋውን ለብሳ ነበር። ጭሱም ነጭ ነበር። ዓይኔ እያየ ጠፋች።

የማይጎዳ ጭስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማሽኑን የተከራየሁት እኔው ነኝ። እንደዚያም ሆኖ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ጭሱ ከጠራ በኋላ ተቆጣጣሪዋ የነፋስ መለኪያዋን አሳየችኝ። እሳቱ አጠገብ በሴኮንድ አንድ ሜትር ከሰባ ይላል። የሙከራው እሳት ከታሰበው ስለሚያንስ በቀላሉ ይጎብጣል ብዬ ልከራከር ሞከርኩ።

«እሳት ሁሉ ሲጀምር ትንሽ ነው፣ ኢንጂነር» አለች። ቀጥላም፣ አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል እንደሚባለው፣ ማራገቢያዎቹ ከሚገባቸው በላይ ስበው ጭሱን መልሰው እንዳወረዱት ነገረችኝ። አንዱ ሲበላሽ ብቻ የሚነሡ ተጠባባቂ ቢሆኑ ኖሮ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ስድስቱ አንድ ላይ ግን የማንም ሂሳብ አይደሉም። «አራቱ የእርስዎ ሂሳብ ናቸው፤ አየሁት፣ ትክክል ነው። ሁለቱ የማን ናቸው?»



ሁለተኛ ሙከራ በአራቱ ብቻ እንዲደረግ ተስማማን። ልጄ ደረጃውን ወርዳ መጣች፤ ፀጉሯ የጭስ ማሽኑን ዘይት ይሸታል። ይበቃሻል፣ ሌላ ሰው ይቁም አልኳት። በአራት ማራገቢያ! ስድስቱ ያላስጣሏትን አራቱ ያስጥሏታል ብሎ ማን ያምናል? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጥ ስሸሽ ኖሬያለሁ።

እጄን ያዘችኝ።

«አጎቴ፣ እዚያ ላይ አሥራ ስምንት አልጋ አለ። በሂሳብህ ካመንክ እኔ ልቁም። ካላመንክ ደግሞ አንድም ሕፃን ወደዚያ አላስገባም።»

ወደ ላይ ተመለሰች። ደረጃውን ስትወጣ እየሰማሁ ወደ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ ሊያጠፋልኝ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ላጥፋው አልኩት። አምስተኛውን ቁልፍ አጠፋሁ። ስድስተኛው ላይ ጣቴ ቆየ። እህቴን አስታወስኳት፤ ፊቷን ሳይሆን፣ ማንም ያልሠራላትን ሂሳብ። ከዚያም አጠፋሁት።

አልኮሉ እንደገና ተለኮሰ። አራቱ ማራገቢያዎች ቀስ ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ እንጂ አልበረረም። ጭሱ ወጣ፤ ሦስተኛውን ፎቅ አለፈ፣ አራተኛውን አለፈ፣ እየወፈረ ሄዶ ጣሪያው ሥር ተዘረጋ። መውረድ ጀመረ። አየሁት፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ከመተላለፊያው በላይ፣ ከልጄ ራስ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን ይዛ አሥር ደቂቃ ጠበቀች። ሽፋኑ ከዚያ አልወረደም። ልጄ ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ ትታያለች፤ ክንዶቿን አጥሩ ላይ አስደግፋ ቁልቁል ታየኛለች። አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ ነው ብዬም አላፈርኩም።

በመጨረሻ የንድፍ ለውጥ ቅጽ ተሰጠኝ። ምን እንደተለወጠ ጻፍኩ፦ አምስተኛውና ስድስተኛው ማራገቢያ አብረው አይነሡም፤ ከአራቱ አንዱ ሲበላሽ በምትኩ አንዱ ብቻ ይነሣል። ከሥሩ ሁለቱ መጀመሪያ የተጨመሩበት ምክንያት ይገለጽ የሚል ባዶ መስመር አለ። በሙያዬ እንዲህ ያለ መስመር የሚሞላበት ቋንቋ ሞልቷል፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ። «ፈርቼ ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

ተቆጣጣሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ማኅተሙን መታችበት።