በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ስም

ተብታባ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ያደረግኩት ሁሉ ትዕቢት ይመስላችኋል። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ስለወጣሁ በምረቃው ዕለት ንግግር የማደርገው እኔ ሆንኩ። ሁለተኛ መውጣት ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የተብታባ ብልሃት ቃል መቀየር ነው። «ደብተር» አልወጣ ካለኝ «መጻፊያዬ» እላለሁ፤ ማንም አይነቃብኝም። ስም ግን አይቀየርም። ስለዚህ ምክትል ርእሰ መምህሩ «እነዚህን ሁሉ አመስግኚ» ብሎ የሠላሳ አንድ ሰው ዝርዝር ሲሰጠኝ ወደ ቋንቋ መምህሬ ይዤው ሮጥኩ። እሷ ዝርዝሩን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች በቀይ ስትሰርዘው ልስማት ምንም አልቀረኝም።

«ስም ሲጠራ የሚሰማው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ያዛጋል» አለችኝ። «ከጓደኞችሽ አንድ ሥራ፣ ከመምህራን አንድ፣ ከቤተሰብ አንድ ምረጪ። ስታነቢው ብዙ ሰው ‹እኔን ነው› ማለት አለበት። አራት ደቂቃ አለሽ።»

ዐሥር ቀን ሠራን። ለጓደኞቼ፣ የማንበብ ተራዬ ሲደርስ መምህሩን በጥያቄ እያጣደፉ ደወሉን ያስደረሱልኝን መረጥኩ። ለመምህራን፣ በተሳሳተ ሒሳብ ላይ ኤክስ ከማድረግ ይልቅ «እስከዚህ ድረስ ልክ ነሽ» ተብሎ የተጻፈልኝን። ለቤተሰብ ደግሞ፣ በብርድ ጠዋት የካውያው ሙቀት ሳይለቀው የሚያለብሱንን ዩኒፎርም። ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ በእርሳስ አሰመርኩ፤ የሚያንቁኝን ቃላት አንድ በአንድ እየለቀምኩ በሌላ ተካሁ።

የዩኒፎርሙ ነገር የአክስቴ ሥራ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል ቀኑን ሙሉ አንሶላ ትተኩሳለች፤ ከዚያ በፊት ግን የእኔን ትተኩሳለች። በትምህርት ቤቱ ቅጽ ሁሉ «የወላጅ ስም» በሚለው መስመር ላይ የሚጻፈው የእናቴ ነው። የአክስቴ ስም አንድም ቀን ተጽፎ አያውቅም።

በዋዜማው የምረቃ ጋወኔን ስትተኩስ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ስሜን ትጠሪዋለሽ?»

«ስም መጥራት ተከልክሏል፣ እትዬ» አልኳት።

እውነት ነበር፤ ውሸትም ነበር። ስሟ የሚጀምረው ጉሮሮዬን በሚዘጋው ፊደል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «እትዬ» እያልኩ ያመለጥኩት ስም ነው። እሷ «እሺ፣ ይሁን» ብላ ካውያውን ገፋ አደረገችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ምክትሉ ከፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል፣ መምህሬ ከጎኑ። አክስቴ ፈረቃዋን ለምና ቀይራ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ጀመርኩ። የጓደኞቼ ክፍል ላይ ሳቅ ሆነ፤ በቂል ጥያቄው ደወል የሚያስደርስልኝ፣ «ደወል» የምንለው ልጅ፣ አንገቱን ደፋ። የመምህራኑ ላይ የሒሳብ መምህራችን ጫማውን ማየት ጀመረ። ሞቃቱ ዩኒፎርም ላይ ስደርስ እናቶች በክርን ተጎሻሸሙ። መምህሬ እንዳለችው ሁሉም ራሱን አገኘ።

አክስቴም ፈገግ ብላለች፣ ከብዙዎቹ እንደ አንዷ። እሱ ነው ያቃጠለኝ። የቀረኝ «አመሰግናለሁ» የሚለው ብቻ ነበር፤ ብዬው ብወርድ ማንም ምንም አይለኝም።

«አንድ ስም አለኝ» አልኩ።

መምህሬ ቀና አለች። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ማይክራፎኑ ትንፋሼን ብቻ ለአዳራሹ ያሰማል። አንድ ሰው ሳለ። ምክትሉ ሰዓቱን አየ። አክስቴ ፈገግታዋ ጠፋ፤ ገብቷት በእጇ «ተዪው» አለችኝ። ከኋላ ደወል ብድግ ብሎ ሊያጨበጭብ እጁን ዘረጋ፤ እንደ ወትሮው ሊያድነኝ ነው። እንዲቀመጥ ምልክት ሰጠሁት። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው፤ ልጁ ተቀመጠ፣ እኔም ብቻዬን ቀረሁ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ይነቅዛል። አሥራ ሁለት ዓመት ነቅዟል።

የመጀመሪያው ፊደል ወጣ። ተመልሶ ተያዘ። ደግሞ ወጣ፣ ተሰበረ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ወረቀቱን ለቀቅኩት። በአራተኛው ስሟ ሙሉውን ወጣ፣ ከነአባቷ፣ እየተንቀጠቀጠ።

አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ከአሥራ ሁለተኛው ረድፍ አክስቴ ተነሣች። ስሙን የጠሩት ሰው እንደሚያደርገው፣ ሁሉም እየሰማት መለሰችልኝ።

«አቤት።»